«ኦልዌይስ ካየሽ ፎልስ በዪ» ያለሽን ሰው አትስሚው

ጥያቄው፦ «ሰላም ቤተሰብ። የፍሬሽማን ባዮሎጂ ሚድ ላይ 20 ትሩ ፎልስ ነበር፣ 11 አገኘሁ። አጥንቼ ነው የገባሁት። ያሳሳቱኝ ኦልዌይስ፣ ኦንሊ፣ ኦል የሚሉት ቃላት ናቸው። እነሱ ካሉበት ዝም ብለሽ ፎልስ በዪ ይሉኛል። እውነት ነው? ፋይናል 2 ሳምንት ቀርቶታል።»

እህቴ፣ ያ ምክር እኔንም አግኝቶኛል። ጤና ኮሌጅ የላብራቶሪ ተማሪ ሳለሁ አንድ ሲኒየር ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «ኦልዌይስ ካየህ ዓይንህን ጨፍነህ ፎልስ» አለኝ። ጨፈንኩ። ከ20 ያመጣሁት 9 ነው። ሳንቲም ብወረውር እንኳ 10 ላይ እደርስ ነበር። አንቺ 11 አምጥተሽ ነው የምታለቅሺው።

እንግዲህ የደረሰብኝን በተራ ልንገርሽ። ባዮሎጂውን እንደምታውቂው አውቃለሁ፣ እኔም አውቀው ነበር።

1. ኦልዌይስ ፎልስ ማለት አይደለም። የኔን 9 ካመጡብኝ ጥያቄዎች አንዱ «አርተሪዎች ሁልጊዜ ደምን ከልብ ያርቃሉ» የሚል ነበር። ኦልዌይስ አየሁ፣ ፎልስ ብዬ አለፍኩ። መልሱ ትሩ ነው። አርተሪን አርተሪ ያሰኘው እሱ ራሱ ነዋ። በአማርኛም ደም ቅዳ የምንለው ከልብ ቀድቶ ስለሚወስድ ነው፣ መላሹ ደም መልስ ነው። ትርጉሙ ውስጥ ያለ ነገር ላይ ኦልዌይስ ቢጨመርበት ምንም አይጎዳውም።

ከሱ ቀጥሎ ደግሞ «አርተሪዎች ሁልጊዜ ኦክስጅን ያለው ደም ይይዛሉ» የሚል መጣ። ይሄ ፎልስ ነው። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ፐልሞናሪ አርተሪ ኦክስጅኑ ያለቀበትን ደም ነው የሚወስደው። ሆድ ውስጥ ያለ ጽንስም በእትብቱ ያሉት አርተሪዎች ኦክስጅን ያነሰውን ደም ወደ እንግዴ ልጁ ይመልሳሉ። እንግዲህ እዪው፤ ሁለቱም ጥያቄ ውስጥ ኦልዌይስ አለ፣ መልሳቸው ግን ለየቅል ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ከኦልዌይስ በኋላ ያለው ነገር ነው። ያ ነገር የስሙ ትርጉም ነው ወይስ ብዙ ጊዜ የሚታይ ጠባይ? «ከልብ መራቅ» ትርጉም ነው። «ኦክስጅን መያዝ» ብዙ ጊዜ የሚታይ ጠባይ ነው። ጠባይ ከሆነ ልዩ የሆነውን መፈለግ አለብሽ።

2. ኦል እና ኦንሊ የሚያስፈልጉሽ ቦታ ተቃራኒ ነው። ይሄንን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ባዮሎጂ ሳይሆን ቋንቋ ነው መሰለኝ።

«ሁሉም» የሚል ካየሽ እዚያው ቤት ውስጥ ፈልጊ። «ሁሉም አጥቢዎች ሕይወት ያለው ልጅ ይወልዳሉ» ቢልሽ አጥቢዎቹን ብቻ ነው የምታገላብጪው። ከነሱ መሃል እንቁላል የሚጥል አንድ ካገኘሽ ጥያቄው ወደቀ። አለ፤ አውስትራሊያ ያለው ፕላቲፐስ እንቁላል ጥሎ ጡት ያጠባል። ፎልስ።

«ብቻ» የሚል ካየሽ ደግሞ ከቤት ውጪ ውጪ። «ፎቶሲንተሲስ የሚሠሩት ተክሎች ብቻ ናቸው» ሲልሽ ተክሎቹን ብታገላብጪ ምንም አታገኚም። የሚፈለገው ተክል ያልሆነና ፎቶሲንተሲስ የሚሠራ ነገር ነው። አልጌ አለ። ሳይኖባክቴሪያ አለ። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ የምታውቂው ከሆነ ስሙን ያሰጠው ቀለም ከሳይኖባክቴሪያ የመጣ ነው፣ ስፒሩሊና የሚባለው። እንግዲህ ፎልስ። እኔ ፈተናው ላይ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ጽጌረዳው፣ ባህር ዛፉ፣ በቆሎው እያልኩ ተክል ስቆጥር ቆየሁና «አዎ ሁሉም ይሠራሉ» ብዬ ትሩ ጻፍኩ። ብቻን እንደ ሁሉም አነበብኩት። በጎን ያለው ልጅ ኦንሊን አይቶ ዓይኑን ጨፍኖ ፎልስ ብሎ ልክ መጣለት። ይሄ አሁንም ያናድደኛል።

3. አሁን ወደ ዋናው መጣሁ። ኦንሊ የቆመችበት ቦታ። ለዚህ ቁጥር መስጠት ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ከፈተናው ሁሉ ያስከፈለኝ እሱ ነው።

ፈተናው ላይ የነበረው በእንግሊዝኛ «ፊሜል ሞስኪቶስ ፊድ ኦንሊ ኦን ብለድ» የሚል ነው። እኔ ያነበብኩት «ኦንሊ ፊሜል ሞስኪቶስ ፊድ ኦን ብለድ» ብዬ ነው። ቃላቱ አንድ ናቸው። ኦንሊ ብቻ ናት ከፊት ወደ መሃል የተዛወረችው። ክላስ ላይ መምህሩ ከቢምቢዎች መሃል ደም የሚመጥጡት ሴቶቹ ብቻ ናቸው ብሎ ደጋግሞ ስለነገረን፣ የምናውቀውን ዓረፍተ ነገር ያየን መሰለን። ትሩ ብለን ሞላን። ከክላሱ አብዛኛው ሰው ነው የተሳሳተው። መምህሩ ሆን ብሎ እንዳደረገው እርግጠኛ ነኝ፣ ፈገግ ብሎ ነበር ወረቀቱን ያደለን።

መፍትሔው አማርኛ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ኦንሊ የማንን እጅ እንደያዘች ዓይን ያመልጠዋል። አማርኛው ላይ ግን «ብቻ» የምትከተለው የምትገድበውን ቃል ነው፣ ሌላ ቦታ ብታስቀምጫት ትርጉሙ ወዲያው ይቀየራል። ሞክሪው፦

«ከቢምቢዎች መሃል ደም የሚመጥጡት ሴቶቹ ብቻ ናቸው።» ትሩ። ወንዱ የአበባ ወለላና የተክል ጭማቂ እየጠጣ ነው የሚኖረው፣ ቆዳ ለመውጋት የሚሆን አፍም የለውም።

«ሴቶቹ ቢምቢዎች የሚመገቡት ደም ብቻ ነው።» ፎልስ። ሴቷም ጉልበት የምታገኘው ከወለላ ነው። ደሙን የምትፈልገው በዋናነት እንቁላሏን ለማሳደግ ነው፣ ፕሮቲኑን ከዚያ ታገኛለች።

በቃ። ኦንሊ ያለበት ጥያቄ ሁሉ ላይ በእርሳስ ጠርዙ ላይ በአማርኛ ጻፊው። 10 ሴኮንድ ነው የሚወስደው። «ብቻ» ከየትኛው ቃል በኋላ እንዳረፈች ካየሽ የምታሳድጂውን ታውቂያለሽ። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ደም የሚመጥ ወንድ ቢምቢ ነው የምትፈልጊው። በሁለተኛው ደግሞ ሴቷ ከደም ሌላ የምትበላውን። ሁለት የተለያዩ ፍለጋዎች ናቸው።

ሦስተኛም አለ። «ሁሉም ሴት ቢምቢዎች ደም ይመጥጣሉ» ቢልስ? ይሄ ደግሞ ፎልስ ነው። ቶክሶሪንካይቲስ የሚባል ትልልቅ ቢምቢ አለ፣ ሴቷ ደም አትመጥም። እጯ ውሃ ውስጥ ሌሎች የቢምቢ እጮችን እየበላች ስለምታድግ እንቁላል የምትሠራበትን ፕሮቲን ቀድማ ይዛዋለች። እንግዲህ አንድ እውቀት፣ ሦስት ጥያቄ። እውቀቱን ማወቅሽ አያድንሽም።

ቢምቢ ላይ ካለሁ አይቀር ወባንም ልጨምርልሽ፣ የሚመጣ ነው። «ወባን የሚያስተላልፉት ሴት አኖፊለስ ብቻ ናቸው» የሚል። ተማሪ ሁሉ ትሩ ይላል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ። ከቢምቢዎች መሃል ከሆነ የተጠየቀው፣ አዎ፣ የሰው ወባ የሚያስተላልፉት ሴት አኖፊለሶች ብቻ ናቸው። «ከቢምቢዎች መሃል» የሚል ሐረግ ከሌለ ግን ወባ በተለገሰ ደምም፣ ከእናት ወደ ጽንስም ይተላለፋል። ያኔ ፎልስ ነው። አሁን ላብራቶሪ ሆኜ ወባ በየቀኑ ስለማይ ይሄኛው ላይ ቀልድ አላውቅም። «የወባ ቢምቢ ገጠር ብቻ ናት» የሚለውም እንዲሁ ፎልስ ነው። ከ2016 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ቀብሪ ደሃር ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ተገኝታለች። እሷ ከተማ ውስጥ ባሉ የውሃ ማጠራቀሚያዎች የምትራባ ናት። አንድ ጊዜ ትሩ ይመስል የነበረ «ብቻ» በኋላ ፎልስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

4 ላይ ነኝ አይደል? ትናንሾቹን ቃላት አትዝለዪ። እነ ኦልዌይስ ጮኸው ስለሚታዩ ሁሉም ሰው እነሱን ያያል። የሚያጠፉት ዝም ያሉት ናቸው። «የበሰሉ የአጥቢ ቀይ የደም ሴሎች ኒውክለስ የላቸውም» ትሩ ነው። ከዚህ ውስጥ «የአጥቢ» የሚለውን አውጪው። ፎልስ ሆነ። የዶሮ ደም በጊምሳ ቀልመሽ ማይክሮስኮፕ ላይ ካየሽው እያንዳንዱ ቀይ ሴል መሃሉ ላይ ኒውክለሱ ደምቆ ይታያል። እኔ መጀመሪያ ሳየው የሰው ደም ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር፣ ለካ የልምምድ ስላይዱ የዶሮ ነው። «የበሰሉ» የሚለውንም አውጪው። አሁንም ፎልስ፤ መቅኔ ውስጥ ገና እያደጉ ያሉት ኒውክለስ አላቸው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ውስጥ ቃሉን በጣትሽ ሸፍነሽ «ይሄ ባይኖር መልሱ ይቀየራል?» በዪ። ከተቀየረ መምህሩ ያስቀመጠው ለዚያ ነው።

ለስላሳዎቹ ቃላት፣ «አንዳንድ»፣ «ሊሆን ይችላል» ምናምን፣ በተቃራኒው አንድ ምሳሌ ካገኘሽ ትሩ ነው። «አንዳንድ ባክቴሪያዎች ፎቶሲንተሲስ ይሠራሉ»፣ ሳይኖባክቴሪያ አለች፣ አለቀ።

አማርኛው የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱን ሳልነግርሽ አልፌ እንዳትወቅሺኝ። ነጋቲቭ ሲኖርበት። «ሁሉም ባክቴሪያ ጎጂ አይደለም» በአማርኛ «አንዱም ጎጂ የለም» ማለትም «ጎጂ ያልሆነ አለ» ማለትም ይሆናል። እንግሊዝኛው «ኖት ኦል» ብሎ ከጀመረ ሁለተኛው ነው፣ ያ ትሩ ነው። በአማርኛ ስትጽፊው «ጎጂ ያልሆኑ አሉ» ብለሽ ቀይሪው።

አሁን ቢሮውን ልንገርሽ፣ እሱን ሳልናገር አልተኛም።

ከ9ኙ ውጪ አንዱን በትክክል ሠርቼ ነው ኤክስ የተደረገብኝ። ጥያቄው «ሁሉም ኢንዛይሞች ፕሮቲን ናቸው» ነበር። እኔ ፎልስ አልኩ። ቤቱ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁ ማለት ነው፤ አር ኤን ኤ ሆነው እንደ ኢንዛይም የሚሠሩ አሉ፣ ሪቦዛይም ይባላሉ። ቶማስ ቼክ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 ነው ቴትራሃይሜና በምትባል ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ላይ ያሳየው። እሱና ሲድኒ አልትማን በ1989 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል። ራሱ ሪቦዞም ውስጥ አሚኖ አሲዶችን የሚያያይዘው ክፍል አር ኤን ኤ ነው። የመምህሩ አንሰር ግን ትሩ ይላል።

ዲፓርትመንት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ስልኳን እያየች «ትሩ ፎልስ ላይ ቅሬታ አይቀርብም» አለችኝ። ለምን? «አይቀርብማ።» በማግስቱ መጣሁ፣ «መምህሩ የሉም»። መምህሩ ከኋላዋ ሻይ እየጠጣ ነበር፣ ሰላምም አለኝ። በሦስተኛው ቀን ማመልከቻ ጽፌ መጣሁ፣ «ማኅተም የለውም» አለችኝ። የተማሪ ማመልከቻ ማኅተም ከየት ያመጣል? ኮሪደር ላይ ቆሜ መምህሩን ጠበቅኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? «ልክ ነህ። ግን ሃንዳውቱ ገጽ ላይ ኢንዛይሞች ፕሮቲን ናቸው ይላል፣ ፈተናው ከሃንዳውቱ ነው።» ተከራከርኩ። ሃንዳውቱ «ኢንዛይሞች» አለ እንጂ «ሁሉም» አላለም፣ «ሁሉምን» ፈተናው ላይ የጨመሩት እርስዎ ነዎት አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ሳቀ። አንድ ማርክ ጨመረልኝ። 10 ሆንኩ፣ እንደ ሳንቲሙ።

የኔ ጥፋት የቱ ጋ እንደሆነ ልንገርሽ። የተከራከርኩት ከፈተና በኋላ ነው። ጥያቄውን ከፈተናው በፊት ክላስ ላይ ማንሳት ነበረብኝ። «ኢንዛይሞች ፕሮቲን ናቸው ይላል፣ ሪቦዛይምንስ እንቁጠረው?» ብዬ ጠይቄው ቢሆን 60 ሰው ሰምቶት መልሱ የታወቀ ይሆን ነበር፤ እኔም ኮሪደር ላይ ሦስት ቀን አልቆምም። ሃንዳውትሽን አውጪ። ያለ «ሁሉም»፣ ያለ «ብዙውን ጊዜ» ደረቁን የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር አስምሪበት። ፈተናው የሚወጣው እዚያ ላይ ቃል ተጨምሮ ነው። ልዩ የሆነ የምታውቂበት ካለ ይሄው ሁለት ሳምንት አለሽ፣ እጅሽን አውጥተሽ ጠይቂ። «ብዙዎቹ ኢንዛይሞች ፕሮቲን ናቸው» ብሎ ከመጣ ማንም አይጣላሽም፣ ትሩ ነው።

ለፋይናል የተዘጋጀሁበትን አንዱን ልሥራልሽ፣ ጄኔቲክስ ስለሚመጣባችሁ። ቀይና አረንጓዴ የመለየት ችግር፣ ጂኑ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፣ ሪሴሲቭ ነው። አባትየው ችግሩ አለበት እንበል። እናትየው ጤነኛ ናት፣ ጂኑንም አልተሸከመችም። የልጆቻቸውም የክሮሞዞም ቁጥር ልክ ነው እንበል።

«አባትየው ጂኑን ለሁሉም ሴት ልጆቹ ያወርሳል።» ኦል አለበት፣ ግን ትሩ። ያለው ኤክስ አንድ ነው፣ ሴት ልጅ ደግሞ ከአባቷ ኤክስ ካልተቀበለች ሴት አትሆንም።

«ሁሉም ሴት ልጆቹ ቀለም አይለዩም።» ፎልስ። ከእናታቸው ጤነኛ ኤክስ ስላገኙ ተሸካሚ ናቸው እንጂ አይታይባቸውም። «ማውረስ» እና «መታየት» ሁለት ነገር ነው። እኔ ልምምድ ላይ ሁለቱን አንድ አድርጌ ስቻለሁ።

«ለወንድ ልጆቹ በፍጹም አያወርስም።» ኔቨር አለበት፣ ትሩ። ለወንድ የሚሰጠው ዋይ ነው።

«ችግሩ ወንዶች ላይ ብቻ ይታያል።» ብቻ፤ ከቤት ውጪ ውጪ። ችግሩ ያለባት ሴት ትኖራለች? አባቷ ያለበት፣ እናቷም ተሸካሚ ከሆነች ትኖራለች። ፎልስ። «ወንዶች ላይ ይበዛል» ቢል ትሩ ነበር።

አሁን ከእነዚያ ሴት ልጆች አንዷ አግብታ፣ ባሏ ጤነኛ ሆኖ፣ ሁለት ወንድ ወለደች። «ከሁለቱ አንዱ ሁልጊዜ ችግሩ ይኖርበታል» ቢልሽ? ብዙ ሰው ግማሽ ግማሽ ብሎ ስላጠና ትሩ ይላል። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ነው ግማሽ ዕድል ያለው። ሁለቱም ሊድኑ ይችላሉ፣ ያ ዕድል አንድ አራተኛ ነው። ሁለቱም ሊኖርባቸውም ይችላል፣ እሱም አንድ አራተኛ። ፎልስ። ዕድል ላይ ኦልዌይስ ከገባ ትሩ የሚሆነው ከመቶ መቶ ሲሆን ብቻ ነው፣ ለምሳሌ ከላይ እንዳለው የሴት ልጆቹ ውርስ። ኔቨር ከገባ ደግሞ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው፣ እንደ ወንድ ልጆቹ።

ፋይናል ላይ ከ20 ትሩ ፎልስ 19 አመጣሁ። የሳትኩት አንዷ «ሜዮሲስ ሁልጊዜ ጋሜት ይሠራል» ነበረች። እንስሳ ብቻ አሰብኩ። ተክሎች ላይ ከሜዮሲስ የሚወጣው ስፖር ነው፣ የፈርን ቅጠል ከስር ያለው ቡናማ ነጠብጣብ ውስጥ የሚሠራው። ጋሜቱ በኋላ በማይቶሲስ ይመጣል። እንዳትረሺው።

እና ውጤት ሲለጠፍ ወረቀትሽን ማየት ከፈለግሽ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሂጂ። ከሰዓት በኋላ ያቺ ቢሮ ቁልፍ ናት፣ ጸሐፊዋ ውስጥ ብትኖርም።